ለችግኝ ተከላ ሰው ሲጠራ

ክረምት ሲገባ በየስልኩ የሚዞር አንድ ዓይነት ጥሪ አለ። የለምለም ችግኝ ፎቶ ይለጠፋል፤ ከሥሩ እንዲህ ይባላል፦ «ኑ፣ ተራራችንን አረንጓዴ እናልብስ! ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ እንገናኝ። አሻራችሁን አሳርፉ። ለበለጠ መረጃ ይደውሉ።» ሰው ይወደዋል፣ ለወዳጁም ያስተላልፈዋል። ቅዳሜ ጠዋት ግን አስተባባሪው ችግኝ ማከፋፈል ሲገባው ስልክ ይዞ መንገድ ሲያስረዳ ይረፍዳል።

እንጦጦ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የተዘረጋ ረጅም የተራራ ሰንሰለት እንጂ አንድ ቦታ አይደለም። አንዱ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይቆማል፤ ሌላው ጠበል የለመደ ነውና በቀጥታ ኪዳነ ምሕረት ይወርዳል፤ ሦስተኛው የፓርኩ መግቢያ ይመስለዋል። ሦስቱም እንጦጦ ናቸው፣ ሦስቱም ጥሪውን በትክክል አንብበዋል። «ቅዳሜ»ም ቢሆን የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አይታወቅም። ጽሑፉ ከሳምንት በኋላ በሌላ ቡድን ውስጥ ሲዞር፣ ያለፈው ተከላ ገና የሚመጣ እየመሰለው የሚነሳ ሰው አይጠፋም።

መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን ካስታወቀ ወዲህ የተከላ ጥሪ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዕድሩና በየሰፈሩ ወጣቶች ዘንድ የክረምት ልማድ ሆኗል። የትልልቆቹን ዘመቻዎች ጉዳይ ቢሮዎች ይጨርሱታል። እዚህ የምናወራው ስለ ትንሹ ቡድን ነው፤ ጥቂት ሰዎች ከችግኝ ጣቢያ ችግኝ አግኝተው፣ ከቦታው ባለቤት ወይም ከሚጠብቀው አካል ፈቃድ ወስደው፣ የሚተክል ሰው ብቻ ስለጎደላቸው። የእነርሱ ጥሪ መጻፍ ያለበት ከጉድጓዱ ተነሥቶ ወደ ኋላ ነው። ስንት ጉድጓድ ተቆፍሯል? ለዚያ ስንት ሰው ይበቃል? ያ ሰው እንዴት ይደርሳል? ምን ይዞ? እነዚህ ሳይታወቁ የሚጻፍ ጥሪ የሚያማምሩ ቃላት ይበዙበታል፤ ጸሐፊው የሚያስታውቀው ነገር ስለሌለው ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቡድኑ 600 ችግኝ አለው እንበል፤ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ። ምርጫው ከቦታው የተነሣ ነው። የእንጦጦ አናት ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል፣ አንዳንዱ ቦታም ከዚያ ያልፋል፤ ኮሶና ጽድ ለዚህ ብርድ የተፈጠሩ የደጋ ዛፎች ናቸው። ሰው ሁሉ የሚወደው ዋንዛ ግን የወይና ደጋ ዛፍ ነውና እዚያ ላይ ወስዶ መትከል ችግኙን ለውርጭ መስጠት ነው። በጥሪው ላይ «ችግኝ እንተክላለን» ከማለት «ጽድ፣ ወይራና ኮሶ እንተክላለን» ማለት ይሻላል፤ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ቡድኑ አስቦበት እንደተነሣ ወዲያው ይረዳል። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢም ለምን አገር በቀል ዛፍ እንደተመረጠ አይጠይቅም።

ጉድጓዱ ዝናቡ ከመበርታቱ በፊት፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀትና ስፋት ይዞ ይቆፈራል። የላዩ ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታቹ በሌላ ወገን ይከመራል። በመካከላቸው 2 ሜትር ተኩል ርቀት ከተጠበቀ 600 ጉድጓድ የሚይዘው መሬት ከእግር ኳስ ሜዳ ግማሽ ትንሽ ይበልጣል። በተከላው ቀን ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ይሠራል፤ አንዱ ችግኙን ከላስቲኩ አውጥቶ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው አፈር ይመልስና ይጠቀጥቃል። ለማያውቅ ሰው ችግኙን ከማምጣት እስከ መጠቅጠቅ አንዱ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል ብለን እናስላው። ሠላሳ ጥንድ፣ ማለትም 60 ሰው፣ እያንዳንዱ ጥንድ 20 ችግኝ ቢተክል ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይወስዳል። ከገለጻውና ከእረፍቱ ጋር አንድ ጠዋት ነው።

ስለዚህ ጥሪው ላይ የሚጻፈው ቁጥር 60 ነው። 200 ሰው ቢመጣ ለሰው ሦስት ችግኝ ይደርሰዋል፤ ግማሹ ፎቶ ሲነሣ ይውላል፣ የረጠበው መሬት በእግር ብዛት ይጠቀጠቃል፣ የተተከለውንም ይረግጡታል። 15 ሰው ብቻ ቢመጣ ደግሞ የባሰ ነው። ሰባት ጥንድ ለእያንዳንዱ ከ80 በላይ ችግኝ ይደርሰዋል፤ ጠዋቱ አይበቃም። የተረፈው ችግኝ በመኪና እየተንገጫገጨ ተመልሶ ይወርዳል፣ ሥሩን የያዘው አፈር ይፈርሳል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሲወጣ ግማሹ ጠውልጓል። «ሁላችሁም ኑ» የሚለው ጥሪ ደግ ይመስላል፤ ለችግኙ ግን ደግ አይደለም። ቁጥሩ ይጻፍ፣ ምዝገባም ይኑር። የተመዘገበ ሁሉ እንደማይመጣ የታወቀ ስለሆነ ጥቂት ሰው ጨምሮ መመዝገብ ብልህነት ነው።

ቀኑን መምረጥ ከሚታሰበው በላይ አገራዊ ጉዳይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አፈሩ ጠግቦ የሚውልባቸው ወራት ናቸው፤ መስከረም ላይ የተተከለ ችግኝ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ይወጣበታል። በእነዚህ ሁለት ወራት ውስጥ ግን ሁሉም ቀን እኩል አይደለም። ሐምሌ 19 ብዙ ሰው ለገብርኤል ቁልቢ ይወርዳል ወይም በየደብሩ ይውላል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የፍልሰታ ጾም ነው፤ ጠዋት ዳገት ወጥቶ አፈር ሲጠቀጥቅ የሚውለው ሰው ከቅዳሴ በፊት እህል አይቀምስም፣ «ቁርስ ይዛችሁ ኑ» የሚለው ጥሪም አያገባውም። ፍልሰታ ላይ የሚጠራ ቡድን ሥራውን አሳጥሮ መያዝ፣ የሚያቀርበውንም ምግብ የጾም ማድረግና ይህንኑ በጥሪው ላይ መጻፍ ይኖርበታል። ለምሳሌያችን ቅዳሜ ሐምሌ 11 ቀን 2018 ዓ.ም. እንውሰድ፤ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ተፈትቷል፣ ቁልቢም ገና ነው።

ሰዓቱ ጠዋት ነው፣ ምክንያቱም የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠነክረው ከቀትር በኋላ ነው። «ጠዋት 1 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ለአገሬው በቂ ነው። ነገር ግን ወጣቱ ስልኩ ላይ የሚያየው የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባም ስለማይጠፋ፣ በቅንፍ «በስልክ 7፡00» ቢጨመር አንድ መስመር አይሞላም። ከሁሉ በላይ መጻፍ ያለባቸው ሁለት ሰዓቶች ግን ሌሎች ናቸው፦ መኪናው የሚነሣበትና የሚመለስበት። «1 ሰዓት እንሰባሰብ» ብቻ ከተባለ ሐበሻ ለ1፡30 ይዘጋጃል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። «1፡30 አውቶቡሱ ይነሣል» ሲባል ግን ሰው ያምናል፣ በተለይ አምና በ1፡30 ተነሥቶ ከሆነ። የመመለሻው ሰዓት የሚጠቅመው ልጅ ላላት እናት፣ ከሰዓት ሥራ ላለበት፣ ሠርግ ለተጠራ ሰው ነው። ብዙ ሰው የሚቀረው ሳይፈልግ ቀርቶ ሳይሆን መቼ እንደሚመለስ ስላላወቀ ነው።

መሰባሰቢያው ከተከላው ቦታ ሊለይ ይገባል። ሰውን በቀጥታ ተራራው ላይ መጥራት ከላይ ያየነውን መበታተን ያመጣል፤ ስልክ የማይሠራበት ሸለቆም አለ። ከታች፣ ታክሲ በብዛት የሚያልፍበት ቦታ ይመረጥ። ለእንጦጦ ስድስት ኪሎ ምቹ ነው፤ ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚሄድ ታክሲ ሁሉ ያልፍበታል፣ የሰማዕታት ሐውልቱንም የማያውቅ የከተማው ሰው ጥቂት ነው። ግን «ሐውልቱ ጋ» ማለትም አይበቃም። ሐውልቱ አደባባይ መካከል ነው፤ በአራቱም ወገን ሰው ሊቆም ይችላል፣ በአንዱ ወገን የቆመ ሌላውን አያይም። «ከዩኒቨርሲቲው ዋና በር ፊት ለፊት» ቢባል ነገሩ ያልቃል። አስተባባሪው አስቀድሞ ሄዶ ማየት ያለበትም አለ፦ አውቶቡስ እዚያ ጠርዝ ላይ ለሠላሳ ደቂቃ መቆም ይፈቀድለታል ወይ? በመንገድ ሥራ የተነሣ ምልክቶች በፍጥነት በሚጠፉበት ከተማ «ድሮ እገሌ ሱቅ የነበረበት» የሚለው አቅጣጫ የሚረዳው ድሮን ለሚያውቅ ብቻ ነው። ሌላም ትንሽ ጥንቃቄ፦ ርእሱን «መገናኛ» ብላችሁ አትጻፉት፤ መገናኛ ወርዶ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። «መሰባሰቢያ» በሉት።

አሁን ወደ «ይዛችሁ ኑ» እንምጣ። ብዙ ቡድን እዚህ ላይ ወይ ምንም አይልም ወይ የጉዞ ዕቃ ዝርዝር ያወጣል። ትክክለኛው ዝርዝር አጭር ነው፣ እያንዳንዱም ዕቃ በተራራው ላይ የሚሠራው ሥራ አለው። የመጀመሪያው ጫማ ነው። የረጠበ ጭቃ ዳገት ላይ ያንሸራትታል፤ ክፍት ጫማ ያደረገ ሰው ከመትከል ይልቅ ሚዛኑን ሲጠብቅ ይውላል። ቦት ጫማ ካለ እሰየው፣ ከሌለ ግን የሚሸፍንና ሶሉ ያላለቀ ስኒከር ይበቃል፤ «ቦት ጫማ ግዴታ ነው» ብሎ መጻፍ ቦት የሌለውን ማስቀረት ነው። ሁለተኛው የዝናብ ልብስ ነው፣ ጃንጥላ ሳይሆን። ጃንጥላ አንድ እጅ ይይዛል፤ ተካይ ደግሞ ሁለቱም እጆቹ ያስፈልጉታል። ወፈር ያለ ጓንት፣ ውሃ፣ ትርፍ ካልሲና የሚቋጠር ነገር፣ ቆሎም ቢሆን ዳቦም ቢሆን። ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ብርዱም ቶሎ ያስርባል። ከዚህ በላይ ተጨማሪ ነው።

ከዝርዝሩ ያነሰ ትኩረት የሚሰጠው «አታምጡ» የሚለው ክፍል ነው። ጉድጓዱ ከተቆፈረ ዶማ አያስፈልግም፤ በታክሲ ዶማ ይዞ የሚመጣ ሰው መንገድ ላይ ከረዳት ጋር ይጣላል፣ ሲደርስም የሚቆፍረው ስላጣ ባልተፈለገ ቦታ አዲስ ጉድጓድ ይከፍታል። ችግኝም ከቤት ይዞ የሚመጣ በጎ ሰው አለ፤ ከተማ ውስጥ የበቀለ አቮካዶ ወይም የአጥር ተክል ይዞ ይመጣና እንዲተከልለት ይጠብቃል። «ችግኙን እኛ እናቀርባለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ በትሕትና ይዘጋል።

ስለ ላስቲኩ ግን ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ተከላ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ችግኙ የሚያድግበት ጥቁር ፕላስቲክ ካልወጣ ሥሩ በውስጡ ይጠመዘዛል፣ ወደ መሬቱ መውጫ ያጣል፤ ችግኙ ክረምቱን አረንጓዴ ሆኖ ያልፍና በበጋ ይደርቃል። በችኮላ የሚተክል ሰው ግን ላስቲኩን ከነችግኙ ይቀብረዋል፣ ከላይ ሲታይም ምንም ልዩነት የለውም። ትክክለኛው አሠራር የላስቲኩን ታች፣ ሥሩ የተጠቀለለበትን ክፍል፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በምላጭ ቆርጦ መጣል፣ ከዚያ ጎኑን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ አፈሩ ሳይፈርስ ማውጣት ነው። ችግኙ ሲተከል ግንዱ ከሥሩ የሚለይበት ቦታ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሆናል፤ ቢጠልቅ ይበሰብሳል፣ ቢወጣ ሥሩ ይጋለጣል። መጀመሪያ ጥቁሩ የላይ አፈር ይመለሳል፣ በተረከዝም ይጠቀጠቃል። ጥሩ መጠቅጠቁ የሚታወቀው ጫፉን በሁለት ጣት ይዞ ቀስ ብሎ በመሳብ ነው፤ ተነሥቶ ከመጣ ውስጡ ባዶ አየር አለ፣ ይደገም።

ላስቲኩ ሌላም ጥቅም አለው። ቡድኑ ማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ባዶ ላስቲኮቹን ሁሉ ሰብስቦ መጨረሻ ላይ ይቁጠር። 600 ችግኝ ወጥቶ 540 ላስቲክ ከተመለሰ ስድሳው የት ሄደ? ወይ ከነላስቲኩ ተቀብሯል፣ ወይ ቁጥቋጦ ሥር ተጥሏል። ሰዉ አውቶቡስ ከመግባቱ በፊት ወደ ረድፎቹ ተመልሶ ማየት ይቻላል፤ ከወር በኋላ አይቻልም። ይህ ሥርዓት በጥሪው ላይ በአንድ መስመር ከተገለጸ ሰው ላስቲኩን አስቦበት ይመጣል።

የቀረው አቀማመጡ ነው። ቴሌግራም ላይ ከፎቶ ሥር የሚገባው ጽሑፍ ለተራ ተጠቃሚ 1024 ፊደልና ምልክት ድረስ ነው፤ ሌሎች መድረኮች ደግሞ ከመጀመሪያው መስመር ወይም ሁለት በኋላ ጽሑፉን አጥፈው ያስቀምጡታል። ስለዚህ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው የመጀመሪያው መስመር ላይ ይሁኑ፤ ግጥምና መፈክር ካለ መጨረሻ ላይ ይግባ፣ ባይገባም ማንም አይከፋም። ፎቶውም የአምናው ተከላ ሕዝብ ሳይሆን መሰባሰቢያው ቢሆን ይመረጣል፤ ሰው ከታክሲ ሲወርድ ከሚቆምበት ወገን የተነሣ፣ በላዩም ቀንና ሰዓት የተጻፈበት። ብዙ ሰው ፎቶውን ብቻ በስክሪን ሾት ይዞ ለወንድሙ ይልካልና ጽሑፉ ከኋላ ይቀራል።

ሁሉ ሲገጣጠም ጥሪው እንዲህ ይሆናል፦

«ቅዳሜ ሐምሌ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጠዋት 1 ሰዓት (በስልክ 7፡00)፣ ስድስት ኪሎ። 600 ችግኝ፣ 60 ሰው።

እንጦጦ ላይ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ እንተክላለን። ጉድጓዱ ተዘጋጅቷል።

መሰባሰቢያ፦ ከዩኒቨርሲቲው ዋና በር ፊት ለፊት፣ ፎቶው ላይ የሚታየው ቦታ። አውቶቡሱ 1፡30 ይነሣል፤ 6፡30 እዚያው እንመለሳለን። ክፍያ የለውም።

ይዛችሁ ኑ፦ የሚሸፍንና የማያንሸራትት ጫማ፣ የዝናብ ልብስ (ጃንጥላ ሳይሆን)፣ ጓንት፣ ውሃ፣ ትርፍ ካልሲ፣ ቁርስ።

ከእኛ፦ ችግኝ፣ አካፋ፣ ምላጭ። ዶማና ችግኝ አታምጡ።

እያንዳንዱን ባዶ ላስቲክ ቆጥረን እንመልሳለን።

ካፊያ ቢኖርም እንተክላለን። ለውጥ ካለ ዓርብ ማታ 2 ሰዓት እዚሁ እናሳውቃለን።

ልጆች ከወላጅ ጋር ይምጡ። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ይንገረን፤ ከዳገቱ በታች የሚሠራ ሥራ አለ።

ለመመዝገብ እስከ ሐሙስ ማታ ስማችሁንና ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ በአጭር መልእክት ላኩልን።»

ከመጨረሻው መስመር ሥር የአስተባባሪው ስልክ ይገባል፤ ሁለት ስልክ ቢሆን ይሻላል፣ አንዱ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ሌላው ስድስት ኪሎ የሚቀር ሰው ዘንድ። ስለ ዝናብ የተጻፈው መስመርም ትርፍ አይደለም። በሐምሌ ዓርብ ማታ የሚዘንብ ዝናብ ሲሰማ ግማሹ ተመዝጋቢ «ነገ ቀርቷል» ብሎ ይተኛል። ካፊያ ለችግኝ መልካም ነው፤ የሚያስቀረው ነጎድጓድና መብረቅ ያለበት ማዕበል ነው፣ ተራራ አናት ላይ ቀልድ አይደለምና።

ተካዮቹ ከተመለሱ በኋላ ሌላ ጥሪ ይቀራል፣ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። ጥቅምት ላይ ሣሩ ከችግኙ በላይ ይሄዳል፤ ዙሪያውን ማረምና የታረመውን ሣር ከሥሩ ማልበስ ያስፈልጋል። ጥርና የካቲት ላይ፣ ምድሩ ሲደርቅ፣ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ይፈለጋል። የዚያ ጥሪ ዝርዝር የተለየ ነው፦ ማጭድ፣ ጀሪካን፣ ኮፍያ፤ የዝናብ ልብሱ ይቀራል። የሚያስፈልገውም ሰው ያንሳል፤ ሃያ ሰው በአንድ ጠዋት 600 ችግኝ ዞሮ ሊያርም ይችላል። ፎቶው ያን ያህል የሚያምር ባለመሆኑ ይህ ጥሪ ብዙ አይጋራም፤ ስለዚህ ለሕዝብ ከመለጠፍ ይልቅ ሐምሌ ላይ ለመጡት 60 ሰዎች፣ ስልካቸው አስቀድሞ ተመዝግቧልና፣ በየስማቸው መላክ ይሻላል። መልእክቱ ላይ በዚያን ቀን ከተተከለው ስንቱ ቆሞ እንዳለ ተቆጥሮ ቢጻፍ፣ ሁለተኛውን ቅዳሜ ለመስጠት ከማንኛውም መፈክር ይልቅ ያ ቁጥር ሰውን ያንቀሳቅሰዋል።